የ12ኛ ክፍል ልጅ ሲቪ በአንድ ገጽ፦ ለሱፐርማርኬት ወይም ለካፌ የመጀመሪያ ሥራ

12ኛን ጨርሳችኋል። ሱፐርማርኬት በካሸርነት ወይም ካፌ በአስተናጋጅነት ለመቀጠር አስባችሁ «ሲቪ አስገቡ» ተባላችሁ። ብዙ ልጅ እዚህ ጋ ሲደርስ የሚጨነቀው «የሥራ ልምድ» በሚለው ቦታ ላይ ምን እንደሚጽፍ ነው። ከመጨነቃችሁ በፊት ግን ወረቀቱን የሚያነበው ማን እንደሆነ እንይ።

ቢሮ ዘግቶ ሲቪ ሲያገላብጥ የሚውል ሰው አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ የቤቱ ማናጀር ወይም ባለቤቱ ራሱ ነው። ባንኮኒው አጠገብ ቆሞ፣ አንድ ዓይኑን ካሽ ማሽኑ ላይ ጥሎ ያነባል። ልምድ እንደሌላችሁ ገና ዕድሜያችሁን ሲያይ ያውቃል፤ አይገርመውም። እሱ የሚፈልገው የአራት ጥያቄ መልስ ነው። ስደውል ታነሳለች? በሰዓቱ ትደርሳለች? ገንዘብ ቢሰጣት ይጎድላል? ቀኑን ሙሉ ቆማ ሰው ማስተናገድ ትችላለች? ሲቪያችሁ ላይ ያለ እያንዳንዱ መስመር ከነዚህ ለአንዱ መልስ ካልሆነ ቦታ እየያዘ ነው ማለት ነው።

ነገሩን በአንድ ሰው እንየው። ሰላም የምንላት ልጅ አለች እንበል። 18 ዓመቷ ነው፤ የምትኖረው ጀሞ 1 ነው። 12ኛን በ2017 ዓ.ም. ጨርሳለች። መካኒሳ ያለ አንድ ሱፐርማርኬት «ካሸር እንፈልጋለን» ብሎ በሩ ላይ ለጥፏል። ከእሷ ጋር ደረጃ በደረጃ እንሂድ።

1. መጀመሪያ ደብተር ላይ

ቀጥታ ኮምፒውተር ቤት አትሂዱ። ባዶ እጅ የሄደ ሰው የሚገጥመው አንድ ነው፤ ጸሐፊው የሌላ ሰው ሲቪ ከፍቶ ስም ብቻ ይቀይርለታል። በዚህ መንገድ ከወጡ ሲቪዎች ብዙዎቹ አንድ ዓይነት ናቸው። «ትጉህ፣ ታታሪ፣ በቡድን መሥራት የሚችል» ይላሉ። ትርፍ ጊዜ ሲባል መጽሐፍ ማንበብና ሙዚቃ ማዳመጥ ይደረደራል። ከፍቶት የማያውቀው የኮምፒውተር ፕሮግራም ስምም ይገባል። ማናጀሩ ይህን ወረቀት በቀን ስንት ጊዜ ያየዋል።

ስለዚህ መጀመሪያ ደብተር ያዙ። ባለፉት ሦስት ዓመታት ደመወዝ ተከፈላችሁም አልተከፈላችሁም የሠራችሁትን ሁሉ ዘርዝሩ። የቤተሰብ ወይም የዘመድ ሱቅ ጠብቃችኋል? የእናታችሁን ጉልት ወይም የጀበና ቡና ቦታ አግዛችኋል? ሰፈር ውስጥ ለቅሶ ወይም ሰርግ ሲኖር ድንኳን ውስጥ ምግብ አድላችኋል? ትምህርት ቤት የክፍል አለቃ፣ የክበብ ገንዘብ ያዥ ወይም ላይብረሪ ረዳት ነበራችሁ? በሰንበት ትምህርት ቤት፣ በመስጊድ ወይም በቤተ ክርስቲያን የሰበሰባችሁት መዋጮ፣ ያስተባበራችሁት ጉዞ አለ? የክረምት በጎ ፈቃድ ላይ ምን ሠራችሁ? ለጎረቤት ልጆች አስጠንታችኋል? ኦንላይን ልብስ ወይም የስልክ ዕቃ ሸጣችኋል?

በየአንዳንዱ ፊት ለፊት ሦስት ነገር ጻፉ፦ ከመቼ እስከ መቼ፣ በእጃችሁ የሠራችሁት ምንድነው፣ ስለሱ የሚመሰክር ሰው ማነው። ምስክር የሌለው ነገር አይጻፍ ማለት አይደለም። ግን ምስክር ያለውን አስቀድሙ።

የሰላም ደብተር ላይ የወጣው ይኼ ነው። በ2015 እና በ2016 ክረምት የአክስቷን ሱቅ ጠብቃለች፤ በ2017 ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ። ሰንበት ትምህርት ቤት ውስጥ የጉዞ መዋጮ ሰብስባ መዝግባለች። 11ኛ ክፍል እያለች የክፍል አለቃ ነበረች። ዕድሩ ድንኳን ውስጥ ከሌሎች ሴቶች ጋር አስተናግዳለች። መጀመሪያ «ምንም የለኝም» ብላ የነበረችው እሷው ናት።

2. ስም፣ ስልክ፣ ሰፈር

የገጹ አናት ላይ ስማችሁ በትልቁ ይጻፍ፤ እንደ መታወቂያችሁ እስከ አያት። ሰፈር ውስጥ የምትጠሩበት ሌላ ስም ካለ እዚህ አይግባ። «ሲቪ» ወይም «የሕይወት ታሪክ» የሚል ርዕስ አያስፈልግም። ወረቀቱ ምን እንደሆነ ሲያዩት ይታወቃል።

ስልክ ሁለት ይሁን። አንደኛው የራሳችሁ፣ ሁለተኛው ሁሌም የሚያነሳ የቤተሰብ ሰው ስልክ ነው፤ የማን እንደሆነም አብሮ ይጻፍ። እንዲህ ዓይነት ቤቶች የሚጠሩት በአጭር ጊዜ ነው። ዛሬ አንዷ ካሸር ስትለቅ ማናጀሩ ነገ ጠዋት የምትገባ ሰው ይፈልጋል። የመጀመሪያው ቁጥር «ጥሪ አይቀበልም» ካለው ወደ ቀጣዩ ወረቀት ነው የሚያልፈው። ለሁለተኛው ስልክ ባለቤትም ንገሩ። እናትየው «የምን ሱፐርማርኬት?» ብላ ብትዘጋበት አይፈረድባትም።

ሰፈር የሚጻፈው ለወጉ አይደለም። ማታ 3 ሰዓት የሚዘጋ ቤት ሠራተኛው በምን እንደሚገባ ያሳስበዋል። ጠዋት 1 ሰዓት የሚከፍተውም ታክሲ ሰልፍ ላይ የሚቀርበትን አይፈልግም። ስለዚህ «ክፍለ ከተማ፣ ወረዳ፣ የቤት ቁጥር» ከማለት ሰው የሚያውቀውን የሰፈር ስም ጻፉ፦ «ጀሞ 1»። የምትኖሩት ከቤቱ በአንድ ታክሲ ወይም በእግር ከሆነ ይህንኑ ጨምሩ። ለሰላም «ጀሞ 1 (ወደ መካኒሳ በአንድ ታክሲ)» የምትለው ከየትኛውም ውብ ቃል የበለጠ ትሠራላታለች።

ዕድሜ ይጻፍ ወይስ አይጻፍ? 18 ከሞላችሁ ጻፉት። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለ ልጅ «ወጣት ሠራተኛ» ነው፤ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አይሠራም፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት አይሠራም፤ ትርፍ ሰዓትም በሳምንት የዕረፍት ቀንና በበዓል መሥራትም ተከልክሏል። ቅዳሜ፣ እሑድና በዓል ዋና ገበያው ለሆነ ቤት ይህ ትልቅ ነገር ነው። 18 ካልሞላችሁ አትዋሹ፤ መታወቂያ ሲጠየቅ ይወጣል። የቀን ሽፍት ብቻ የሚፈልግ ቤት ብትሞክሩ ነው የሚሻለው።

3. ሁለት መስመር፦ ምን ሥራ፣ በየትኛው ሰዓት

ከስሙ ሥር ብዙ ሲቪ «ዓላማ» ብሎ ይጀምራል። «ዕውቀቴንና ክህሎቴን ተጠቅሜ ለድርጅቱ ዕድገት የበኩሌን ለማበርከት» ምናምን። እሱን ተዉት። በምትኩ የምታመለክቱበትን ሥራ በስሙ ጥሩትና መቼ መሥራት እንደምትችሉ ጻፉ።

ሰዓት ላይ ሐቀኛ ሁኑ። «በማንኛውም ሰዓት» ብሎ ጽፎ በሁለተኛው ሳምንት «እሑድ ጠዋት አልችልም» የሚል ሰው የሽፍት ፕሮግራሙን ያበላሻል፤ ማናጀር ይህን አይረሳም። ሰላም እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች። ስለዚህ እንዲህ ጻፈች፦ «ለካሸርነት አመለክታለሁ። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ የጠዋትም የማታም ሽፍት መግባት እችላለሁ፤ እሑድ ከቀኑ 6 ሰዓት በኋላ። ሥራ ወዲያውኑ መጀመር እችላለሁ።» እሑድን መቀነሷ ዕድሏን የሚያጠበው ሊመስል ይችላል። ግን የቀሩት ስድስት ቀናት የምር እንደሆኑ ያሳምናል።

የማታ ኮሌጅ የምትማሩ ወይም ፈተናውን በግል ድጋሚ ለመውሰድ የምታጠኑ ከሆነም ይነገር። «ሐምሌ ላይ ለፈተና አንድ ሳምንት እፈልጋለሁ» ብሎ ቀድሞ የነገረ ልጅ ፈቃድ ያገኛል።

4. የሠራችሁት፣ ከግሥ ጋር

የገጹ ግማሽ የሚሄደው እዚህ ነው። ርዕሱን «የሥራ ልምድ» ማለት ከከበዳችሁ «የሠራኋቸው ሥራዎች» በሉት፤ ማንም አይከራከራችሁም። ከትምህርት በፊት ይቀመጥ።

ሰላም መጀመሪያ የጻፈችው ይኼን ነበር፦ «በቤተሰብ ሱቅ ውስጥ ሠርቻለሁ። ጥሩ የደንበኛ አያያዝ አለኝ። ታማኝ ነኝ።» ሦስቱም ዓረፍተ ነገሮች እውነት ሊሆኑ ይችላሉ፤ አንዳቸውም ግን ምንም አያሳዩም። «ታማኝ ነኝ» ብሎ የማይጽፍ ሌባ የለም።

እስቲ ሱቁ ውስጥ በእጇ የሠራችውን እንጠይቃት። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሱቁን ትከፍታለች። ከደንበኛ ብር ተቀብላ መልስ ትሰጣለች። በቴሌብር ሲከፈላት ደንበኛው የሚያሳያትን ስክሪንሾት አታምንም፤ ከ127 ወደ ሱቁ ስልክ የገባውን መልእክት አይታ ነው ዕቃ የምትሰጠው። የዱቤ ደብተር ትይዛለች፦ ስም፣ ቀን፣ ዕቃ፣ ብር፤ ሲከፈል መሰረዝ። ማታ አክስቷ ስትመጣ ቁጭ ብለው ሂሳብ ይዘጋሉ፤ መሳቢያው ውስጥ ያለው ብር ከተሸጠው ጋር ይመሳከራል። ዘይትና ዱቄት ሲያልቅ ለአክስቷ ትነግራለች። የብስኩትና የወተት ቀን እያየች የቆየውን ወደ ፊት ታወጣለች።

ይህ ሁሉ እኮ የሱፐርማርኬት ሥራ ነው፤ ቦታው ብቻ ነው የጠበበው። ካሸር ሽፍቷን ስትጨርስ ሂሳብ ትዘጋለች፤ የጎደለ ካለ ብዙ ቤት ከደመወዟ ይቆርጣል። «ማታ ማታ ሂሳብ እዘጋ ነበር» የሚል መስመር ያየ ማናጀር ሦስተኛ ጥያቄው ተመለሰለት። ስክሪንሾት አለማመኗን ሲያይማ ምናልባት ቀና ብሎ ስሟን ድጋሚ ያነባል፤ በሐሰተኛ ስክሪንሾት የተበላ ቤት ብዙ ነዋ።

የአጻጻፉ ዘዴ ቀላል ነው። እያንዳንዱ መስመር የሠራችሁትን በሚናገር ግሥ ይለቅ፦ ከፈትኩ፣ ቆጠርኩ፣ መዘገብኩ፣ አስተናገድኩ፣ አመሳከርኩ። ቁጥር ያለበት ቦታ ቁጥር ይግባ። «ብዙ ሰው አስተናግጃለሁ» ከማለት ዕድሩ ድንኳን ውስጥ ስንት ሰው እንደነበር በግምት ማስቀመጥ ይሻላል። ቁጥሩን አታጋንኑ። ቃለ መጠይቅ ላይ «እንዴት አደረጋችሁት?» ስትባሉ ልትተርኩት የምትችሉት ይሁን። ለአንድ ሥራ ከሦስት እስከ አምስት መስመር ይበቃል።

ለካፌ ወይም ለሬስቶራንት ከሆነ ያው ሥራ ሌላ ፊቱ ይወጣል። እዚያ ካሽ ከመቁጠር ይልቅ ትሬይ መያዝ፣ ትእዛዝ ሳያምታቱ መቀበል፣ ረጅም ሰዓት መቆምና ንጽሕና ይበልጣሉ። ሰላም ለካፌ ብታመለክት ድንኳኑን ወደ ላይ፣ ሱቁን ወደ ታች ታደርግ ነበር። «በሰፈራችን ዕድር ለቅሶና ሰርግ ላይ ምግብና መጠጥ አድያለሁ፤ በአንድ ጊዜ እስከ 60 ሰው። ጾመኛና የፍስክ ተመጋቢን ለይቼ አስተናግጃለሁ» ብትል ረቡዕ ቀን ካፌ ውስጥ የሠራ ሰው ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

5. ትምህርት፣ በአጭሩ

ትምህርት ቤቱ፣ 12ኛን የጨረሳችሁበት ዓመትና የተማራችሁት ዘርፍ ይበቃል። ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ መደርደር አያስፈልግም።

ብሔራዊ ፈተናው ውጤት ካልመጣላችሁ ውጤቱን አትጻፉ፤ ደግሞም አትዋሹ። «12ኛ ክፍል አጠናቅቄያለሁ፣ 2017 ዓ.ም.» እውነትም ነው፣ በቂም ነው። ፈተናው በ2014 ዓ.ም. ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ከገባ ወዲህ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ የሚያመጣው ከአሥር ተፈታኝ አንድ አይሞላም። ማናጀሩ ይህን ያውቃል። የእሱም ልጅ ወይም የእህቱ ልጅ ተፈትናለች። በተቃራኒው ትራንስክሪፕታችሁ ላይ ሒሳብ ጥሩ ከሆነ ለካሸርነት አንድ መስመር ይገባዋል፦ «ሒሳብ በ12ኛ ክፍል፦ 81»።

ዓመተ ምሕረት ላይ አንድ ነገር። ገጹ ሙሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሆነ ሁሉም እንደዚያው ይሁን። 12ኛን 2017 ላይ ጨርሳ ሱቁን 2023 ላይ የጠበቀች ልጅ ወረቀት ግራ ያጋባል፤ የአቆጣጠር ድብልቅ መሆኑን የሚረዳው ሁሉም አይደለም።

6. ቋንቋና ሌላ ችሎታ

እዚህ ሁለት ሦስት መስመር ይበቃል። ቋንቋ ከልብ ይጠቅማል፤ ደረጃውን ግን በሥራው ለኩት። «እንግሊዝኛ፦ በጣም ጥሩ» ከማለት «እንግሊዝኛ፦ ዋጋ መንገርና ትእዛዝ መቀበል እችላለሁ» ይሻላል። አፋን ኦሮሞ ወይም ትግርኛ የምትችሉ ከሆነ አትርሱት። ቦሌ አካባቢ ላለ ቤት ዓረብኛም ዋጋ አለው።

ኮምፒውተር ላይ የምትችሉት ወርድ ብቻ ከሆነ ወርድ በሉ። ካሽ ማሽን ነክታችሁ ካላወቃችሁ «ካሽ ማሽን እችላለሁ» አትበሉ፤ ገብታችሁ ትማሩታላችሁ፤ እንዲያውም ብዙ ቤት በራሱ መንገድ ማስተማሩን ነው የሚመርጠው። የባሬስታ ወይም የመስተንግዶ አጭር ሥልጠና ከወሰዳችሁ የሰጠውን ተቋምና የወሰደውን ጊዜ ጻፉ።

7. ምስክርና ዋስ

እነዚህን ሁለቱን አታምታቱ። ምስክር የሚባለው ደውለው ስለእናንተ የሚጠይቁት ሰው ነው። ዋስ ደግሞ ገንዘብ ቢጎድል ወይም ንብረት ቢጠፋ ኃላፊነት የሚወስድ ነው።

ምስክር ሁለት ይበቃል፤ አንዱ ከትምህርት ቤት፣ አንዱ ከሠራችሁበት። ስም፣ ኃላፊነት፣ ስልክ። እናትና አባት አይሆኑም። አክስት ትሆናለች ወይ? የሱቁ ባለቤት ከሆነች ትሆናለች፤ ግን ዝምድናውን አትደብቁ፤ ሌላኛው ምስክር ከዘመድ ውጭ ይሁን። ቁጥራቸውን ከመጻፋችሁ በፊት አስፈቅዱ፤ ስለምን ሥራ እንደሚደወልላቸውም ንገሯቸው። መምህር በስም ብቻ ላያስታውሳችሁ ይችላል፤ «የ11ኛ ሀ አለቃ የነበርኩት» ብላችሁ አስታውሱት።

ለካሸርነት ዋስ የማይጠይቅ ቤት ጥቂት ነው። ብዙ ጊዜ የሚፈለገው ደመወዝ ያለው ሰው፣ ከመሥሪያ ቤቱ ደመወዙን የሚገልጽ ደብዳቤ ይዞ ነው። የዋሱን ስም ሲቪ ላይ አታውጡ። «ዋስ ማቅረብ እችላለሁ» የምትል አንዲት መስመር ትበቃለች። ይህችን መስመር የምትጽፉት ግን ሰውየውን ጠይቃችሁ እሺ ካለ በኋላ ነው። ዋስ መሆን ከባድ ነገር ነው፤ የተጠየቀ ሰው «እስቲ ላስብበት» ቢል አይገርምም። ያ ማሰቢያ ጊዜ ቅጥር ከመጣ በኋላ ከሆነ ሥራው ለሌላ ሰው ይሄዳል።

ምን ይቅር?

ብሔር፣ ሃይማኖት፣ የጋብቻ ሁኔታ፣ ቁመት፣ የወላጅ ሥራ ይቅሩ። የፋይዳ ቁጥርና የባንክ ሂሳብ ቁጥርም አይጻፉ። ሲቪ በየባንኮኒው የሚቀር፣ ማን እጅ እንደሚገባ የማይታወቅ ወረቀት ነው። መታወቂያ ሲጠሯችሁ ይዛችሁ ትሄዳላችሁ። ጉርድ ፎቶ ማስታወቂያው ከጠየቀ ይያዝ፤ ካልጠየቀ ቦታውን ለሥራችሁ ተዉት። «ከላይ የሰጠሁት መረጃ ትክክል መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ» የምትለዋም ሦስት መስመር ከመብላት ሌላ ጥቅም የላትም።

8. ሙሉው ገጽ

የሰላም ሲቪ ሲያልቅ ይኼን ይመስላል።

ሰላም (የአባት ስም) (የአያት ስም)
ስልክ፦ (የራሴ) / (የእናቴ)
ጀሞ 1፣ አዲስ አበባ (ወደ መካኒሳ በአንድ ታክሲ)
ዕድሜ፦ 18

ለካሸርነት አመለክታለሁ። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ የጠዋትም የማታም ሽፍት መግባት እችላለሁ፤ እሑድ ከቀኑ 6 ሰዓት በኋላ። ሥራ ወዲያውኑ መጀመር እችላለሁ።

የሠራኋቸው ሥራዎች

የአክስቴ ሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ፣ ጀሞ 1 (ክረምት 2015 እና 2016፤ በ2017 ቅዳሜ ቅዳሜ)
– ጠዋት 12፡30 ሱቁን ከፍቼ እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ብቻዬን ሸጥኩ
– ጥሬ ገንዘብና ቴሌብር ተቀበልኩ፤ የቴሌብር ክፍያ መግባቱን ከሱቁ ስልክ አረጋገጥኩ
– የዱቤ ደብተር ያዝኩ፤ ማታ ከሱቁ ባለቤት ጋር ሂሳብ ዘጋሁ
– የዕቃ ቀን እያየሁ መደርደሪያ ሞላሁ፤ የሚያልቀውን መዝግቤ አሳወቅኩ

ሰንበት ትምህርት ቤት፣ የጉዞ ኮሚቴ (2016–2017)
– ከ40 አባላት መዋጮ ሰብስቤ በደረሰኝ ለገንዘብ ያዡ አስረከብኩ

የሰፈር ዕድር (በተለያየ ጊዜ)
– ለቅሶና ሰርግ ላይ ምግብና መጠጥ አደልኩ፤ ዕቃ ቆጥሬ መለስኩ

ትምህርት
12ኛ ክፍል፣ ማኅበራዊ ሳይንስ፣ (ትምህርት ቤቱ)፣ 2017 ዓ.ም. ሒሳብ፦ 81
የ11ኛ ክፍል አለቃ፣ 2016 ዓ.ም.

ቋንቋ
አማርኛ፤ አፋን ኦሮሞ (ከደንበኛ ጋር መግባባት)፤ እንግሊዝኛ (ዋጋ መንገርና ቀላል ንግግር)

ምስክሮች
(ስም)፣ የክፍል ኃላፊ መምህር፣ (ስልክ)
(ስም)፣ የሱቁ ባለቤትና አክስቴ፣ (ስልክ)
ዋስ ማቅረብ እችላለሁ።

ከታች ትንሽ ባዶ ቦታ ቀርቷል። አትሙሉት። ማናጀሩ ከደወለ በኋላ የቀጠሮ ሰዓት የሚጽፈው እዚያ ላይ ነው።

9. መተየብና ማተም

ማስታወቂያው በእንግሊዝኛ ከሆነ ሲቪውም በእንግሊዝኛ ይሁን፤ በአማርኛ ከሆነ በአማርኛ። በእንግሊዝኛ ስትጽፉ ራሳችሁ ልታስረዱት የማትችሉትን ዓረፍተ ነገር ከሰው አትዋሱ። ቃለ መጠይቁ ላይ «እስቲ ይኼን አብራሪልኝ» ሊባል ይችላል።

ስልካችሁ ላይ Google Docs ካለ መተየቡን ራሳችሁ ጨርሱት፤ ኮምፒውተር ቤት ለማተም ብቻ ትሄዳላችሁ። ኤ4 ወረቀት፣ የፊደል መጠን 11፣ ስም 16፣ ከየጠርዙ 2 ሳንቲሜትር። ወደ ሁለተኛ ገጽ ካለፈ ፊደሉን አታሳንሱ፤ መስመር ቀንሱ። ባለ 8 ፊደል አማርኛ ደብዛዛ መብራት ያለበት ባንኮኒ ላይ አይነበብም። ጽጌረዳ ያለበት ድንበርና ባለ ቀለም ርዕስ ፎቶ ኮፒ ሲደረግ ጥቁር ጥላ ይሆናል።

ኮምፒውተር ቤት ካስተየባችሁ አንድ ነገር ተጠንቀቁ። አንዳንዱ ጸሐፊ ዛሬም በድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች ይተይባል። እዚያው ሲታተም ያምራል፤ ፋይሉ ሌላ ስልክ ላይ ሲከፈት ግን አማርኛው የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ዝርክርክ ይሆናል። ለማወቅ ቀላል ነው፦ ፋይሉን በቴሌግራም ለራሳችሁ አስልካችሁ እዚያው ቆማችሁ በስልካችሁ ክፈቱት። ካልተነበበ በዩኒኮድ ፎንት እንዲጽፈው ንገሩት። የመጨረሻውን ቅጂ በፒዲኤፍ ይስጣችሁ፤ የሚታረመውንም ወርድ ፋይል አትተዉለት። ለሚቀጥለው ቤት ሁለት መስመር መቀየር ስትፈልጉ ድጋሚ ከፍላችሁ እንዳታስተይቡ ነው። ስትወጡ ከኮምፒውተሩ ላይ አስጠፉት።

የፋይሉ ስም «CV new final 2» ሳይሆን ስማችሁና ሥራው ይሁን፤ ለምሳሌ `Selam_Cashier.pdf`። በቴሌግራም ሲቪ የሚቀበል ማናጀር በአንድ ቀን ስንት «CV.pdf» እንደሚደርሰው አስቡት።

ከመታተሙ በፊት ስልክ ቁጥሩን ሌላ ሰው ጮክ ብሎ ያንብብላችሁ፤ እናንተ ደግሞ ከስልኩ ጋር አመሳክሩ። ራሳችሁ ካነበባችሁት ዓይናችሁ የለመደውን ነው የሚያየው።

10. መስጠት

ካፌና ምግብ ቤት በምሳ ሰዓት፣ ከቀኑ 6 እስከ 8፣ አትሂዱ። ጠዋት 4 ሰዓት አካባቢ ወይም ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ ቤቱ ይረጋጋል። ሱፐርማርኬት ደግሞ ከሥራ መውጫ በኋላና ቅዳሜ ይጨናነቃል። ካሸሯ ጋ ጥላችሁ አትውጡ። «ማናጀሩን ማግኘት እችላለሁ?» በሉ፤ ከሌለ መቼ እንደሚገኝ ጠይቃችሁ ተመለሱ። በእጅ የተሰጠ ወረቀት ከነፊቱ ይታወሳል።

አዲስ ዓመት፣ ገናና ፋሲካ ከመድረሳቸው ከሦስት አራት ሳምንት በፊት ሱፐርማርኬቶች ተጨማሪ እጅ ይፈልጋሉ። በዚያ ሰሞን የምታስገቡ ከሆነ ከሰዓቱ መስመር ቀጥሎ «ለበዓል ሰሞን በጊዜያዊነትም መሥራት እችላለሁ» ብላችሁ ጨምሩ። በጊዜያዊነት ገብታ በዚያው የቀረች ብዙ ካሸር አለች።

«ለፎርም» ወይም «ለምዝገባ» ብር ክፈሉ የሚላችሁ ካለ ወረቀታችሁን ይዛችሁ ውጡ። ራሱን የሚያከብር ሱቅ ከሚቀጥረው ልጅ ብር አይለቅምም።

ከሰጣችሁ በኋላ ባሉት ቀናት የማታውቁትን ቁጥር ሁሉ አንሱ፤ «ሄሎ፣ ሰላም ነኝ» ብላችሁ በስማችሁ። አንድ ሳምንት ካለፈ ሄዳችሁ አንድ ጊዜ ብቻ ጠይቁ። ከተጠራችሁ መታወቂያ፣ የ12ኛ ክፍል ትራንስክሪፕት ዋናውንና ኮፒውን ያዙ። ምግብ ቤት ከሆነ የጤና ምርመራ ወረቀት ሊጠይቋችሁ ይችላል፤ ከጤና ጣቢያ ለማውጣት ቀን ሊወስድ ስለሚችል የት እንደሚሠራ ቀድማችሁ አጣሩ። የሙከራ ጊዜ ስንት እንደሆነም ጠይቁ፤ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ከ60 የሥራ ቀናት መብለጥ የለበትም።